ዝርዝሩ ላይ አለ፣ ሥራው ላይ የለም፦ የሂሳብ ሠራተኞች ሲቪ ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ባለፈው ወር ለአንድ የሲኒየር አካውንታንት ቦታ ማስታወቂያ አውጥተን 180 ገደማ ሲቪ መጣልን። ከመቶ በላይ የሚሆኑት «ክህሎት» በሚለው ርዕስ ስር ፒችትሪ ብለው ጽፈዋል። ፒችትሪን የት መሥሪያ ቤት፣ ለምን ሥራ እንደተጠቀሙበት የሥራ ልምዳቸው ላይ የጻፉት ግን ሃያ አይሞሉም። የቀሩት ሰዎች ዋሽተዋል ማለቴ አይደለም። ብዙዎቹ በደንብ የሚችሉ ይመስለኛል። ችግሩ ወረቀቱን ብቻ ይዤ ማን እንደሚችል መለየት አለመቻሌ ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ የሚወድቅ ሰው ማየት ሰልችቶኛል። ስለዚህ ከአጣሪው ወንበር ሆኖ ነገሩ እንዴት እንደሚታይ ልጻፈው አልኩ።

የሰው ኃይል ሥራ ላይ 11 ዓመት ሆኖኛል። ከዚያ በፊት ራሴም የሂሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ምሳሌዎቼን ሁሉ ከሂሳብ ሥራ የማመጣው ለዚህ ነው።

አጣሪው እጅ ላይ ያለው ሰንጠረዥ

ማጣራት ሲባል ሲቪውን ከላይ እስከ ታች ማንበብ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። የመጀመሪያው ዙር እንደዚያ አይደለም። እጄ ላይ ሰንጠረዥ አለ። ከላይ በኩል ማስታወቂያው ላይ የጠየቅናቸው ነገሮች ተደርድረዋል፦ ፒችትሪ፣ ባንክ ሪኮንሲሌሽን፣ የግብር ዲክላሬሽን፣ ፔይሮል፣ ኤክሰል። በጎን በኩል የአመልካቾቹ ስም አለ። የእኔ ሥራ ሳጥኖቹን መሙላት ነው።

እኛ ቤት አሞላሉ ቀላል ነው። ክህሎቱ ሲቪው ላይ ጭራሽ ከሌለ ዜሮ ነው። የክህሎት ዝርዝሩ ላይ ብቻ ካለ 1 ነው። የሥራ ልምዱ ውስጥ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ስም ስር፣ ሰውየው ሲሠራበት ከታየ 3 ነው። 2 የሚባል ነጥብ የለንም። ሆን ብለን ነው ያስቀረነው፤ በመዘርዘርና በመሥራት መካከል ያለው ርቀት አንድ እርምጃ ብቻ አይደለም ብለን ስለምናምን። ሌላ መሥሪያ ቤት ቁጥሩ ይለያል። ሰንጠረዥ የሌላቸው፣ በዓይን ብቻ የሚለዩም አሉ። ግን አብሬያቸው ኮሚቴ ላይ የተቀመጥኩ አጣሪዎች ሁሉ ዓይናቸው የሚሄደው ወደዚያው ነው። ቃሉን ዝርዝሩ ላይ ያዩታል፣ ከዚያ ወደ ሥራ ልምዱ ወርደው ይፈልጉታል።

አሁን ሒሳቡን እዩት። አንድ ሰው አምስቱንም ክህሎቶች ዝርዝሩ ላይ ጽፎ ሥራው ላይ አንዱንም ካላሳየ 5 ያገኛል። ሌላው ሦስቱን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ሦስቱንም ግን የት እንደሠራባቸው ጽፏል። እሱ 9 ያገኛል። ለጽሑፍ ፈተና የምንጠራው 15 ሰው ነው። 180 ሰው ውስጥ 5 ያገኘ ሰው ተራው አይደርስም።

ዝርዝር ለምን ይህን ያህል ይቀልላል? ፒችትሪ የሚለው ቃል ብቻውን ሲቆም የትም፣ መቼም፣ ምን ያህልም አይልም። ኮሌጅ እያለ ለአንድ ሴሚስተር የነካካውም፣ ትናንት ወር የዘጋበትም አንድ ዓይነት ቃል ነው የሚጽፉት። ሥራ ልምዱ ውስጥ ሲገባ ግን ሦስቱም ጥያቄዎች ሳይጠየቁ ይመለሳሉ። የድርጅቱ ስም የትን፣ ዓመተ ምህረቱ መቼን ይነግረኛል። ዓረፍተ ነገሩ ደግሞ ምን ያህል እንደሆነ ይነግረኛል።

ውጭ አገር ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ሲቪ የሚያነቡ ሶፍትዌሮችም ከዚህ ብዙ አይርቁም። ለምሳሌ ቀድሞ ሶቭረን ይባል የነበረው ሲቪ አንባቢ ለእያንዳንዱ ክህሎት የስንት ወር ልምድ እንዳለና ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተሠራበት አስልቶ ያወጣል። ይህን የሚያሰላው ክህሎቱ ከተገኘበት የሥራ ዘመን ነው። ዝርዝር ላይ ብቻ ያለ ቃል ከጎኑ ቀን የለውም። ቃሉ ይገኛል፣ የሚቆጠር ወር ግን የለም።

ስህተት 1፦ «ማንኛውንም የሂሳብ ሥራ መሥራት»

ይህ ዓረፍተ ነገር የስንቱን እንጀራ እንደዘጋ ብነግራችሁ አታምኑኝም። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይመጣል። «የሂሳብ ሥራዎችን በኃላፊነት ማከናወን።» «ከቅርብ ኃላፊ የሚሰጡ ሌሎች ተዛማጅ ሥራዎችን መሥራት።» ይህ የሥራ መደቡ መግለጫ ነው፣ ሰውየው የሠራው ሥራ አይደለም። ከቅጥር ደብዳቤው ላይ ገልብጦት ነው። ከላይ 14 ክህሎት ተደርድሯል፣ ከታች ደግሞ አራት ዓመት ሙሉ «ማንኛውም ሥራ» ተሠርቷል። ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ቃል የለም።

እባካችሁ፣ «ማንኛውም» የሚለው ቃል አጣሪ ፊት ባዶ ነው። ሁሉንም ሠርቻለሁ ያለ ሰው ለየትኛው ሳጥን 3 ልስጠው? ለባንክ ሪኮንሲሌሽኑ ነው? ፔቲ ካሽ ብቻ ይዞ የኖረም «ማንኛውም የሂሳብ ሥራ» ብሎ ይጽፋል፤ አይቻለሁ። የሦስት ድርጅት ዓመታዊ ሂሳብ የዘጋም እንደዚያው ብሎ ይጽፋል፤ እሱንም አይቻለሁ። እኔ በግምት ነጥብ ብሰጥ ለሚቀጥለው ሰው በደል ነው። ስለዚህ 1 እየሰጠሁ አልፋለሁ።

ይህን ስል አንዲት ልጅ ትዝ ትለኛለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። እንደዚሁ ለአካውንታንት ቦታ አመለከተች። ሲቪዋ አንድ ገጽ ተኩል ነው። ክህሎት በሚለው ስር አምስቱም የጠየቅናቸው ነገሮች አሉ። ሥራ ልምዷ ላይ የአንድ አስመጪ ድርጅት ስም፣ ከ2010 እስከ 2014 የሚል ዘመን፣ ከዚያ ሁለት መስመር ብቻ አለ፦ «የድርጅቱን የሂሳብ ሥራ በአግባቡ ማከናወን፣ ሪፖርት ማዘጋጀት።» ሰንጠረዡ ላይ 5 ሰጠኋት። ወደቀች።

የቀጠርነው ሰው የሙከራ ጊዜውን አልጨረሰም። 60 የሥራ ቀን ሳይሞላው በራሱ ፈቃድ ሄደ። ሰው ስናፈላልግ አንድ የማውቀው ኦዲተር «ጎበዝ ልጅ አለች» ብሎ ስልኳን ሰጠኝ። መጥታ ስታወራኝ አፌን ይዤ ነው የሰማኋት። ያ አስመጪ ድርጅት እስከ 2012 ድረስ ሂሳቡን በእጅ መዝገብ ነበር የሚይዘው። ወደ ፒችትሪ ያዛወረችው እሷ ናት። የሂሳብ መደቦቹን አንድ በአንድ ከፈተች፣ የመነሻ ሂሳቡን አስገባች። በመጀመሪያው ሙከራ ዴቢቱና ክሬዲቱ አልገጠመም። ፒችትሪ ደግሞ እንዲህ ሲሆን ልዩነቱን `Beg Bal Equity` የሚባል ሂሳብ ውስጥ ይከተዋል። እሷ ዝም ብላ አላለፈችውም። ሦስት ቀን ሙሉ ልዩነቱን አሳደደችው። ሁለት የአቅራቢ ዕዳዎች በእጅ መዝገቡ ላይ ሁለቴ ተመዝግበው አገኘቻቸው። ይህንን የሠራበት ሰው ብቻ ነው እንዲህ አድርጎ የሚያወራው።

ከሄደች በኋላ ስሟ የሆነ ቦታ ያየሁት መሰለኝና የድሮውን ፋይል ከፈትኩ። በራሴ እጅ የጻፍኩት 5 አለ። ጥፋቱ የእሷ ብቻ ነው ብዬ አላውቅም። ዝርዝሯ ከሥራ መደቧ ጋር የሚሄድ ነበር። ደውዬ ሁለት ጥያቄ ብጠይቃት ኖሮ ይገባኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዝርዝራቸው ከሥራቸው ጋር የሚስማማ ነገር ግን ምንም ያላሳዩ ሰዎችን ለብቻ አስቀምጬ ጊዜ ሲኖረኝ ለጥቂቶቹ እደውላለሁ። ግን ጊዜ የሚኖረኝ ከስንት አንዴ ነው። ሌላ ቤት ያለ አጣሪም ይደውላል ብላችሁ አትጠብቁ።

ሲቪዋን በኋላ አብረን አስተካከልነው። ሁለቱ መስመሮች ወጥተው እነዚህ ገቡ፦

- በ2012 የድርጅቱን ሂሳብ ከእጅ መዝገብ ወደ ፒችትሪ አዛውሬያለሁ፤ የሂሳብ መደቦችን ከፍቼ የመነሻ ሂሳብ አስገብቻለሁ፣ ከዚያ በኋላ በየወሩ ዘግቼበታለሁ።
- የአራት ባንክ ሂሳቦችን በየወሩ ከባንክ መግለጫ ጋር አስታርቄያለሁ።
- የ86 ሠራተኞችን ፔይሮል በኤክሰል ሠርቻለሁ፤ የሥራ ግብርና የጡረታ መዋጮ በወቅቱ አሳውቄያለሁ።
- ቫትና ዊዝሆልዲንግ በየወሩ ዲክለር አድርጌያለሁ።

አራት መስመር ናቸው። አዲስ ነገር የለባቸውም፣ የተጋነነ ቃልም የለባቸውም። በእኛ ሰንጠረዥ 5 የነበረው 15 ይሆናል። ቁጥሮቹን ልብ በሉ፤ አራት ባንክ፣ 86 ሠራተኛ። ትልቅ ስለሆኑ አይደለም። 12 ሠራተኛም ቢሆን ይጻፍ። ቁጥሩ ሥራው በእርግጥ እጇ ላይ እንደነበር ያሳያል፤ የመጣችበት ቤት ከእኛ ቤት ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብም ይነግረኛል።

ስህተት 2፦ የሥራ ልምድ ደብዳቤው ያስረዳልኛል ብሎ ማሰብ

«ልምድ ደብዳቤዬን አያይዣለሁ እኮ» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ደብዳቤውን አውጥታችሁ አንብቡት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ላይ እንዲሰፍሩ የሚጠይቀው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን ነው። አብዛኛው ደብዳቤም ከዚህ አያልፍም። «በሂሳብ ሠራተኝነት ከዚህ እስከዚህ ድረስ በወር ይህን ያህል እየተከፈላቸው አገልግለዋል» ይላል፣ ማኅተም ያርፍበታል፣ አለቀ።

ደብዳቤው እዚያ ቤት እንደነበራችሁ ያረጋግጥልኛል። በምን ሶፍትዌር እንደሠራችሁ፣ የቫት ዲክላሬሽኑን እናንተ ትሠሩት ወይስ ሌላ ሰው፣ አይነግረኝም። ያንን የሚናገር አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው፤ እናንተ የምትጽፉት የሥራ ልምድ ክፍል። ሁለቱ ሲገጥሙ ደስ ይላል። ደብዳቤው ዘመኑን ያጸናል፣ ሲቪው ሥራውን ይነግረኛል።

ስህተት 3፦ ዝርዝሩና ሥራው ሲጣሉ አለማየት

ዝርዝር ላይ ብቻ ያለ ክህሎት ሁሉ አንድ ዓይነት ክብደት የለውም። ወደ ሥራ መደቡ ስወርድ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ይህ ሰው ይህን ነገር ከየት ሊያገኘው ይችላል?

አካውንታንት የነበረ ሰው ኤክሰል ብሎ ቢዘረዝርና ሥራው ላይ ባይጽፈው ብዙም አልጠራጠርም። ከመደቡ ጋር ይሄዳል። የሱቅ ገንዘብ ያዥ የነበረ ሰው ፔይሮል ብሎ ቢዘረዝር ግን ቆም እላለሁ። ሊሆን ይችላል፤ ትንሽ ድርጅት ውስጥ አንድ ሰው ብዙ ነገር ይሠራል። ግን ካልነገራችሁኝ አላውቅም። ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ ሥራው ዝርዝሩን የሚቃረንበት ነው። አንዱ አመልካች ብቸኛው የሥራ ቦታው በእጅ ደረሰኝ የሚሠራ እንደሆነ ራሱ ጽፎ፣ ከላይ ደግሞ ፒችትሪ «በጣም ጥሩ» ብሏል። በግሉ ተምሮ ሊሆን ይችላል። ከሆነ የት፣ መቼ፣ ለስንት ጊዜ እንደተማረ አንድ መስመር ያስፈልገው ነበር። ያለዚያ ጥርጣሬዬ ፒችትሪው ላይ ብቻ አይቆምም፤ ወደ ሌሎቹም ይዛመታል።

አንድ ጊዜ ደግሞ ፒችትሪ ዝርዝሩ ላይ ብቻ ያለበትን ሲቪ፣ ኃላፊዬ ስለወደደው፣ ለተግባር ፈተና አሳለፍን። ፈተናው 40 ደቂቃ ነው። አዲስ ድርጅት ፒችትሪ ላይ ክፈት፣ በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ማለትም በፈረንጅ ጁላይ 8 ይጀምራል፣ መነሻ ሂሳብ አስገባ፣ ከቫት ጋር ግዥና ሽያጭ መዝግብ፣ ባንኩን አስታርቅ። ልጁ ድርጅት መክፈቱ ላይ ቆመ። ከፍተን ስንሰጠው ግን ሽያጩን ቶሎ መዘገበ። በኋላ ስጠይቀው በቅንነት መለሰልኝ። «እኔ ሽያጭ ደረሰኝ ብቻ ነው የማስገባው፤ የተቀረውን ሌላ ሰው ነበር የሚሠራው» አለኝ።

ያሳዘነኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ያኔ የጀማሪ አካውንታንት ቦታም ክፍት ነበረን። «ዕለታዊ የሽያጭ ደረሰኞችን ፒችትሪ ላይ መመዝገብ» ብሎ የድሮ ሥራው ስር ቢጽፍ ኖሮ ለዚያ ቦታ በቀጥታ እንጠራው ነበር። ትንሿ እውነት ከትልቁ ቃል ይልቅ ትጠቅመው ነበር። ባዶ ቃል ሲሆን አጣሪው በራሱ ይሞላዋል፤ አንዳንዱ አጋንኖ፣ አንዳንዱ አሳንሶ።

ስህተት 4፦ ማስታወቂያውን ወደ ዝርዝሩ መገልበጥ

ማስታወቂያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቃላቴ በጻፍኩት ቅደም ተከተል ሲመለሱልኝ አውቃቸዋለሁ። የማስታወቂያውን ቃል መጠቀም ጥሩ ነው፤ እንዲያውም እንደዚያ አድርጉ። ግን ቃሉን ሥራ ልምዳችሁ ውስጥ፣ ከሠራችሁት ነገር ጋር አያይዙት።

ስህተት 5፦ ኮከብና በመቶ

ፒችትሪ 90 በመቶ፣ ኤክሰል አራት ኮከብ። ከምን 90 በመቶ? ማን ለካው? ይህንን ሰንጠረዡ ውስጥ የማስገባበት ቦታ የለኝም፣ አውጡት።

ስህተት 6፦ አይኤፍአርኤስ የሚለውን ቃል ብቻውን ማቆም

ይህ የእኛ አገር ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣ፣ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድም ድርጅቶችን በየምድባቸው ወደ ዓለም አቀፉ ደረጃ እንዲገቡ ማድረግ ከጀመረ ወዲህ፣ አይኤፍአርኤስ የሌለበት የአካውንታንት ሲቪ አይቼ አላውቅም። ቃሉ እንዲህ ሁሉም ጋ ሲገኝ የመለየት አቅሙን ያጣል። ሁሉም ያላቸውን ነገር ይዤ ማንን ከማን አበላልጣለሁ?

የሚለየው ዝርዝሩ ነው። ሙሉውን አይኤፍአርኤስ ነው ወይስ ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች የተዘጋጀውን? የመጀመሪያውን ሽግግር ስትሠሩ ነበራችሁ ወይስ ከተሸጋገረ በኋላ ነው የገባችሁት? ሽግግር ላይ የነበረ ሰው የሚጽፈው ነገር አያጣም። የቋሚ ንብረት ቆጠራና ዋጋ እንደገና መተመን ነበር። የመክፈቻው የሂሳብ ሚዛን ዝግጅት ነበር። አማካሪዎች መጥተው ከሆነ ለእነሱ መረጃ ያቀረበው ማን ነበር? «ለአማካሪዎች የቋሚ ንብረት ዝርዝር አዘጋጅቻለሁ» የሚል አንድ መስመር ለእኔ በቂ ነው። ትንሽ ሥራ ይመስላል፤ ግን እዚያ ቤት ውስጥ እንደነበራችሁ ያሳየኛል።

የሁለት ቀን ሥልጠና ብቻ ወስዳችሁ ከሆነ «ሥልጠና» በሚል ርዕስ ስር ከነዓመቱ ጻፉት። እዚያ ቦታው ነው፤ ማንም አይጠይቃችሁም። ክህሎት ስር ሲቀመጥ ግን ኢንተርቪው ላይ ጥያቄ ይመጣበታል። ፔይሮልም እንደዚሁ ነው። ፔይሮል እችላለሁ ያለን ሰው የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ በግል ድርጅት ከሠራተኛው የሚቆረጠው የጡረታ መዋጮ ስንት ነው፣ አሠሪው የሚጨምረውስ የሚል ነው። 7 እና 11 በመቶ ነው። አንድ ወር እንኳን በእጁ የሠራ ሰው አይሳሳትም። የሚሳሳቱት ብዛት ግን ያሳዝናል።

ስህተት 7፦ ያልነኩትን ሶፍትዌር መጨመር

ፒችትሪ፣ ኩዊክቡክስ፣ ሳፕ፣ ኦራክል፣ ሁሉም በአንድ መስመር። አራቱን ሁሉ በሦስት ዓመት የሥራ ዘመን፣ በአንድ መካከለኛ ድርጅት ውስጥ? በእርግጥ የሠራችሁበት አንዱ ፒችትሪ ቢሆን እንኳን ከሦስቱ ጋር ሲሰለፍ አብሮ ይጠረጠራል። እኔም ጀማሪ ሳለሁ አድርጌዋለሁ። ኩዊክቡክስን ጓደኛዬ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ጊዜ አይቼው ሲቪዬ ላይ ጻፍኩት። ኢንተርቪው ላይ የተጠየቅሁት ስለ እሱ ብቻ ነበር። የማውቀውን ለማሳየት ዕድል ሳላገኝ ወጣሁ።

ስህተት 8፦ «አድቫንስድ ኤክሰል»

አድቫንስድ የሚለውን ቃል ተዉትና የሠራችሁበትን ጻፉ። «የ400 ዕቃዎችን የመጋዘን ቆጠራ ከመዝገብ ጋር በ`VLOOKUP` አመሳክሬያለሁ» የሚል ሰው ደረጃውን መናገር አያስፈልገውም። ኤክሰል የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል። የማያውቅ አጣሪም ቢሆን አንድ ሥራ እንደተሠራ ይገባዋል።

ስህተት 9፦ ዝርዝሩን እየገለበጡ በየሥራው ስር መለጠፍ

ምክሩ ደርሷቸው ግማሽ መንገድ የሚሄዱ አሉ። ያንኑ ዝርዝር ወስደው «የተጠቀምኳቸው፦ ፒችትሪ፣ ኤክሰል፣ ፔይሮል፣ አይኤፍአርኤስ» እያሉ በሦስቱም የሥራ ቦታ ስር ይለጥፉታል። ሶፍትዌር ሊቆጥረው ይችል ይሆናል። ሰው ሲያነበው ግን ዝርዝሩ ቦታ ቀየረ እንጂ ሥራ አልሆነም። እኔ ለእንደዚህ ዓይነቱ 3 አልሰጥም። ሥራ የሚሆነው ግሥ ሲኖረው ነው፤ መዘገብኩ፣ ዘጋሁ፣ አስታረቅኩ፣ ዲክለር አደረግኩ። ሦስቱ መሥሪያ ቤቶችም በትክክል አንድ ዓይነት ሥራ ሊያሠሯችሁ አይችሉም። ከመጀመሪያው ወደ ሦስተኛው ስትሄዱ ሥራው ሲያድግ ማየት እፈልጋለሁ።

ሁሉንም ክህሎት ወደ ሥራ ልምድ አስገቡ እያልኩ ግን አይደለም። ቋንቋ የራሱ ቦታ አለው፤ አፋን ኦሮሞ መናገራችሁን የሥራ ልምድ ውስጥ አልፈልግም። መንጃ ፈቃድም እንደዚሁ ነው፣ ካርዱ ራሱ ማስረጃ ነው። ማስታወቂያው በግልጽ የጠየቃቸውን አራት አምስት ነገሮች ብቻ ሥራው ላይ አሳዩ። የቀረው ዝርዝር ላይ ቢቀር አይጎዳም።

ስህተት 10፦ «ሥራ ስለሌለኝ ማሳየት አልችልም»

ይህን የሚሉኝ አዲስ ተመራቂዎች ናቸው። እነዚህ ልጆች ልቤን ይነኩታል፤ ምክንያቱም እውነታቸውን ነው፣ የሥራ ልምድ የሚባል ክፍል የላቸውም። ለጀማሪ ቦታ ስናጣራ ሰንጠረዡ ይለወጣል። 3 የምንሰጠው ለሥራ ልምድ ብቻ አይደለም። ተለማማጅነት የወጡበት መሥሪያ ቤት፣ የመመረቂያ ጥናት፣ የዘመድ ሱቅም ቢሆን ይቆጠራል። ክህሎቱ አንድ ቦታ ላይ ሲሠራበት ይታይ ነው የምንለው።

ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ እንዲህ ብሎ ጽፎ መጣ። «በተለማማጅነት ሁለት ወር፦ የአንድ ዓመት የክፍያ ቫውቸሮችን በቀንና በቁጥር አደራጅቻለሁ፤ 23 የጎደሉ ቫውቸሮችን ለይቼ ለሂሳብ ክፍሉ አሳውቄያለሁ።» ከዚያ ዝቅ ብሎ፦ «የአጎቴን የቤት ዕቃዎች ሱቅ የቀን ሽያጭና ወጪ ለስምንት ወር በኤክሰል ይዣለሁ።» ፒችትሪን ደግሞ ክህሎት ስር ሳይሆን ሥልጠና ስር አስቀምጦታል፣ ከማሠልጠኛው ስምና ከሰዓቱ ብዛት ጋር።

ለኤክሰል 3 ሰጠሁት። ለፒችትሪ 1 ሰጠሁት፣ ትክክለኛ ነጥቡም ያ ነበር። ኢንተርቪው ላይ ስለ 23ቱ ቫውቸሮች ጠየቅነው። የትኛው ወር ላይ እንደበዙና ምክንያቱ ምን እንደነበር ሳያመነታ ነገረን። አሁን አንድ ፎቅ ከእኔ በታች ተቀምጧል። ፒችትሪውን እዚሁ እየተማረ ነው።